የሆቴልና የዶርም ዋይፋይ፦ መግቢያ ገጹ ለምን አይመጣም? ሁለተኛው መሣሪያስ ለምን አይገባም?

ደሴ ላይ ሲመሽ ብርዱ ሰውን ሁሉ ቶሎ ወደ ቤት ያስገባዋል። ዶርም ያለው ተማሪም ሆቴል ያረፈው እንግዳም ዋይፋይ የሚከፍተው ያኔ ነው። ስልኬ የሚጠራውም ያኔ ነው። ከደሴም ይሁን ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያም ይሁን ከላሊበላ፣ ጥያቄው ይመሳሰላል። ብዙ ጊዜ የሚመጡትን እዚህ መልሻለሁ።

ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል። ግን ምንም አይከፍትልኝም። ለምን?

ግቢ ገብታችኋል፣ ቤት ግን አልገባችሁም። የዋይፋዩ ፓስዎርድ የግቢውን በር ከፍቶላችኋል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ በሩ ጭራሽ ፓስዎርድ የለውም። ራውተሩ ለስልካችሁ አድራሻ ሰጥቶታል። ወደ ኢንተርኔት የሚወስደው በር ግን ገና ዝግ ነው። እዚያ በር ላይ አንድ ገጽ ይጠብቃችኋል፤ የክፍል ቁጥር፣ ዩዘርኔም ወይም ወረቀት ላይ የተጻፈ ኮድ ይጠይቃል። ባለሙያዎች ይህን ገጽ ካፕቲቭ ፖርታል ይሉታል። እኔ መግቢያ ገጽ እለዋለሁ።

ስልኩ ይህ ገጽ መኖሩን የሚያውቅበት ዘዴ አለው። አንድሮይድ ስልክ ዋይፋይ እንደያዘ ለራሱ ትንሽ ፈተና ያደርጋል። ወደዚህ አድራሻ ጥያቄ ይልካል፦

```
http://connectivitycheck.gstatic.com/generate_204
```

ከዚያ የሚጠብቀው ባዶ መልስ ነው፤ ቁጥሩ 204 ነው። ባዶው መልስ ከመጣ ኢንተርኔት አለ ማለት ነው። የሆቴሉ ራውተር ግን ጥያቄውን መንገድ ላይ ይይዝና የራሱን ገጽ ይልካል። ስልኩም ያልጠበቀው መልስ ስለመጣበት `Sign in to Wi-Fi network` የሚል ኖቲፊኬሽን ያወጣል። አይፎንም `captive.apple.com` ላይ ተመሳሳይ ፈተና ያደርጋል። እሱ የሚጠብቀው `Success` የሚል ቃል ነው።

ገጹ በራሱ አልመጣም። ኖቲፊኬሽኑም የለም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የሞባይል ዳታ አጥፉ። ዳታ ክፍት ከሆነ ስልኩ "ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ ዝም ብሎ በዳታ ይሠራል። እናንተ ዋይፋይ ላይ ያላችሁ ይመስላችኋል። ካርዳችሁ ግን እየተበላ ነው።

ከዚያ ብራውዘር ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

```
http://neverssl.com
```

ለምን ይሄ? ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ጎግል ሁሉም መልእክታቸውን ቆልፈው ነው የሚልኩት። ራውተሩ ቁልፉ ስለሌለው መሀል ገብቶ የራሱን ገጽ ሊሰጣችሁ አይችልም። ልሞክር ቢል እንኳ ብራውዘሩ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ለዚህ ነው ቴሌግራም ከፍታችሁ ስትጠብቁ ዝም ብሎ የሚሽከረከረው። ከላይ ያለው ገጽ ግን ሆን ተብሎ ሳይቆለፍ የተተወ ነው። ራውተሩ እሱን ሊይዘውና ወደ መግቢያ ገጹ ሊመልሳችሁ ይችላል።

አሁንም ካልመጣ ቪፒኤን አጥፉ። ቪፒኤን የሚሠራው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ እናንተ ደግሞ ገና ኢንተርኔት አልደረሳችሁም። "ሁልጊዜ ክፍት ይሁን" ብላችሁ ከሆነ ያንንም አንሱት። ከዚያ አንድሮይድ ላይ `Private DNS` የሚለውን ሴቲንግ እዩ። ማስታወቂያ ለማገድ ብላችሁ የሆነ ስም እዚያ ጽፋችሁ ከሆነ ወደ `Automatic` መልሱት። ያ ስም የተቆለፈ አገልግሎት ነው፤ ከመግቢያ ገጹ በፊት ስለማይገኝ ስልኩ የትኛውንም አድራሻ መፈለግ ያቅተዋል። ከገባችሁ በኋላ ሁለቱንም መልሳችሁ መክፈት ትችላላችሁ።

የመጨረሻው መንገድ የራውተሩን አድራሻ ራሱን መጻፍ ነው። የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ ዝርዝሩን ስትከፍቱ አንድሮይድ ላይ `Gateway`፣ አይፎን ላይ `Router` የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ያንን ቁጥር ብራውዘር ላይ ጻፉት።

ብራውዘሩ "Your clock is behind" ይለኛል። ከዋይፋዩ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጣም ያገናኘዋል፤ እኛ አገር ደግሞ ከሌላው በተለየ። ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት በ6 ሰዓት ያዞረዋል። ያ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይፈጥርም። አንዳንዱ ግን ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ ያስተካክላል። ያኔ ስልኩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል።

የተቆለፉ ድረ ገጾች ሁሉ የምስክር ወረቀት አላቸው። ወረቀቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል ይላል። ስልኩ በእሱ ቀን ሲያየው ወረቀቱ ገና ያልወጣ ነው። ስለዚህ አይቀበለውም። መግቢያ ገጹ የተቆለፈ ከሆነ እሱም አይከፈትም፤ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ችግሩ ግን ከሆቴሉ አይደለም።

የስልኩን ቀን በፈረንጆቹ አድርጉት። የእኛን አቆጣጠር ለማየት የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ መጫን ይሻላል። አንዲት አክስቴ ይህ ችግር ገጥሟት አንድ ሙሉ ምሽት ዋይፋዩን ስትወቅስ አመሸች። ቀኑን ስናስተካክለው ወዲያው ገባች።

ስልኬ ገባ። በዚያው ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ላፕቶፔ ግን አልገባም አለ። ፓስዎርዱ ተሳስቷል?

አልተሳሳተም። ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

አንድ ዘመዴ ለሥራ ኮምቦልቻ መጥቶ ሆቴል አረፈ። እንግዳ መቀበያ ላይ ዩዘርኔም `r204` ከነፓስዎርዱ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ሰጡት። ስልኩን አስገባ፣ ቤተሰቡን በቪዲዮ አወራ፣ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ ሪፖርት ሊልክ ላፕቶፑን ከፈተ። መግቢያ ገጹ መጣ፣ ያንኑ ጻፈ፣ እንዲህ አለው፦

```
no more sessions are allowed for user r204
```

እሱ ፓስዎርዱ የተሳሳተ መሰለው። ደጋግሞ ጻፈ። ወርዶ ጠየቀ። ልጅቷም "አብሽር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ትክክል ነው" አለችው። እውነቷን ነው። ፓስዎርዱ ቢሳሳት ኖሮ ራውተሩ የሚለው `invalid username or password` ነበር። ይሄኛው ጽሑፍ የሚለው ሌላ ነገር ነው፦ "አውቄሃለሁ፣ ግን በዚህ ስም አንድ ሰው ውስጥ አለ።" ያ ሰው የራሱ ስልክ ነው።

ሆቴሉ ሚክሮቲክ የሚባለውን ራውተር ነበር የሚጠቀመው። እዚህ አካባቢ ካየኋቸው ብዙዎቹ እሱ ናቸው። ይህ ራውተር ካልነኩት በቀር በአንድ ዩዘርኔም በአንድ ጊዜ የሚያስገባው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው።

ዘመዴ ደወለልኝ። "የስልኩን ዋይፋይ አጥፋው" አልኩት። አጠፋና ወዲያው ላፕቶፑን ሞከረ። አሁንም እምቢ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ዋይፋይ ማጥፋት መውጣት አይደለም። ስልኩ ሲጠፋ ለራውተሩ "ሄድኩ" ብሎ አይነግረውም። ራውተሩ ስልኩ ዝም ማለቱን እስኪያስተውል ድረስ ቦታውን ይዞለት ይቆያል። እንደ አስተካከሉት ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ ስልኩን መልሶ እንዲያገናኘው ነገርኩት። `Gateway` የሚለውን ቁጥር አነበበልኝ፤ `10.5.50.1` ነበር። ስልኩ ላይ ብራውዘር ከፍቶ ይህን ጻፈ፦

```
http://10.5.50.1/logout
```

ስልኩ በሥርዓት ወጣ። ወዲያው የስልኩን ዋይፋይ አጠፋው፤ አለበለዚያ ስልኩ በቀድሞው መግቢያ ራሱን መልሶ ሊያስገባ ይችላል። ከዚያ ላፕቶፑን ሞከረ። በመጀመሪያው ገባ። ሪፖርቱ ሄደ።

እናንተ ጋ ያለው ራውተር ሌላ ዓይነት ከሆነ የመውጫው አድራሻ ሊለይ ይችላል። ከገባችሁ በኋላ በሚመጣው ገጽ ላይ `Logout` የሚል ቁልፍ ካለ ያንን ተጠቀሙ። ገጹን ከመዝጋታችሁ በፊት አድራሻውን ብትይዙት ኋላ አትቸገሩም።

ራውተሩ ስልኬን ከላፕቶፔ እንዴት ይለየዋል? የምጽፈው ስም አንድ ነው።

በማክ አድራሻ ነው። እያንዳንዱ የዋይፋይ መሣሪያ `3C:5A:B4:10:22:7F` የሚመስል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። ዩዘርኔሙ የሚያስፈልገው በሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ራውተሩ የሚያስታውሰው ማክ አድራሻውን ነው። ለዚህ ነው ስልካችሁ ሲፈቀድለት አጠገቡ ያለው ላፕቶፕ ምንም የማይደርሰው። የተፈቀደው ለእናንተ ሳይሆን ለመሣሪያው ነው።

ትናንት ገብቼ ነበር። ዛሬ እንደ አዲስ ይጠይቀኛል፤ "መሣሪያ ሞልቷል" ይላል። ሌላ መሣሪያ የለኝም!

ያላችሁ አንድ ስልክ ይሁን እንጂ ለራውተሩ ሁለት መስሎት ይሆናል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ማክ አድራሻቸውን አይሰጡም። ሰው እንዳይከታተላቸው ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም የተለየ የፈጠራ አድራሻ ያወጣሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዶርምና ሆቴል ላይ ግን ጣጣ አለው።

አንዱ ጣጣ የዋይፋዩ ስም ከፎቅ ፎቅ ሲለያይ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ ስም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ስም ካለ፣ ደረጃ በወጣችሁ ቁጥር ስልኩ ሌላ አድራሻ ያወጣል። ራውተሩም አዲስ ሰው የመጣ ይመስለዋል። ታች የነበረው ቦታ ገና አልተለቀቀምና "ሞልቷል" ይላችኋል። ሁለተኛው ጣጣ ዶርም ላይ ነው። ማክ አድራሻችሁን አስመዝግቡ ተብላችሁ `About phone` ውስጥ ያለውን እውነተኛውን ቁጥር ትሰጣላችሁ። ስልኩ ግን ዋይፋዩ ላይ የሚቀርበው በፈጠራው ነው። ተመዝግባችሁ ሳለ አላውቃችሁም ትባላላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድሮይድ ላይ የዋይፋዩን ስም ዝርዝር ክፈቱ፣ `Privacy` ውስጥ `Use device MAC` የሚለውን ምረጡ። በአንዳንድ ስልክ `Phone MAC` ይላል። አይፎን ላይ `Private Wi-Fi Address` የሚለውን አጥፉ፤ አዳዲሶቹ ላይ `Rotating` የሚል ካያችሁ ወደ `Fixed` ወይም `Off` ቀይሩት። ይህን የምታደርጉት ለዚያ ዋይፋይ ብቻ ነው። ለካፌውና ለሌላው እንደነበረ ይቆይ። ከቀየራችሁ በኋላ አንድ ጊዜ እንደ አዲስ መግባት ይኖርባችኋል።

አንድ መሣሪያ ብቻ ከተፈቀደልኝ ከስልኬ ለላፕቶፔ ማካፈል እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ ይቻላል። ስልኩ ሲያካፍል ከላፕቶፑ የሚወጣው ሁሉ በስልኩ ስም ነው የሚሄደው። ራውተሩ የሚያየው አንድ ማክ አድራሻ ነው።

እኔ የምመርጠው ገመድ ነው። አንድሮይድ ስልኩን በቻርጀሩ ኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና `USB tethering` ክፈቱ። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ያንኑ ዋይፋይ ለላፕቶፑ ያስተላልፋል፤ ባትሪም አይጨርስም። በሆትስፖት ከሆነ ስልኩ ዋይፋይ እየተቀበለ ዋይፋይ መስጠት የሚችል መሆን አለበት። አንዳንድ ሳምሰንጎች ይህን ይችላሉ። የማይችለው ስልክ ሆትስፖት ስትከፍቱ ዋይፋዩን ያጠፋዋል፤ ያኔ የምታካፍሉት የራሳችሁን ዳታ ነው፣ ተጠንቀቁ። አይፎን ሆትስፖት የሚያካፍለው የሲም ዳታ ብቻ ነው። የተገላቢጦሹም ይሠራል፦ ላፕቶፑን አስገቡና ዊንዶውስ ላይ `Mobile hotspot` ክፈቱ፣ ስልኩ ከእሱ ይውሰድ።

ላፕቶፑ ከስልኩ ጋር ተገናኝቶ፣ ስልኩ ላይ ኢንተርኔት እየሠራ፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ምንም ካልከፈተ ባለሙያው ማካፈልን ዘግቶ ይሆናል። ከራውተሩ የሚመጣ እያንዳንዱ መልእክት ስንት ጊዜ መሸጋገር እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ይዟል። ያንን ቁጥር 1 ካደረጉት ስልካችሁ ላይ ያልቃል፤ ወደ ላፕቶፑ አይሻገርም። ያኔ ባለቤቶቹን ማስፈቀድ ነው።

ቲቪዬስ? ፕሌይስቴሽኔስ?

መግቢያ ገጹን ማሳየት የማይችል መሣሪያ በራሱ አይገባም። ወይ ከላይ እንዳልኩት ከላፕቶፕ ይውሰድ፣ ወይ ማክ አድራሻውን ለባለሙያው ስጡትና ያለ ገጽ እንዲያሳልፈው ጠይቁ።

እኔም ጓደኛዬም ገብተናል። በዋይፋዩ ፊልም ልንላላክ ስንል ግን አንተያይም።

ተከልክላችሁ ነው። እንዲህ ያለ ዋይፋይ ላይ አንዱ እንግዳ የሌላውን ስልክ እንዳያገኝ ይደረጋል፤ መደረግም አለበት። አንዳችሁ ሆትስፖት ክፈቱና በዚያ ተላላኩ።

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ "Obtaining IP address" ላይ ቆሞ ይቀራል።

ይሄ ከመግቢያ ገጹም በፊት ያለ ችግር ነው። ራውተሩ የሚያድለው አድራሻ አልቋል። በተለመደው አሠራር ያለው አድራሻ የራውተሩን ጨምሮ ቢበዛ 254 ነው። አንድ ብሎክ ውስጥ 150 ተማሪ ስልክና ላፕቶፕ ከያዘ 300 መሣሪያ ሆነ። ስልኮቹ አድራሻ እየቀያየሩ ሲመጡ ደግሞ የሄዱትም ቦታ ይይዛሉ።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ጠዋት ይሠራል፣ ማታ እንቢ ይላል። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ `Command Prompt` ከፍታችሁ `ipconfig` ብላችሁ ስትጽፉ በ`169.254` የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ አድራሻ አልተሰጣችሁም። ስልካችሁን ብትነካኩ ለውጥ የለውም። ያያችሁትን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለአይሲቲ ቢሮ ስጡ፤ "ዋይፋይ አይሠራም" ከማለት በጣም ይሻላል።

ዋይፋዩን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። እንግዶቼ በዚህ እንዳይንገላቱ ምን ላስተካክል?

ሚክሮቲክ ካላችሁ መጀመሪያ በአንድ ስም የሚገባውን ብዛት ከፍ አድርጉ። ዛሬ እንግዳ ስልክም ላፕቶፕም ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለት ካደረጋችሁት አብዛኛው ጥሪ ይቀራል፦

```
/ip hotspot user profile set default shared-users=2
```

እንግዶቻችሁን ሌላ ፕሮፋይል ውስጥ አድርጋችሁ ከሆነ `default` በሚለው ቦታ የእሱን ስም ጻፉ። ቦታ ይዞ የቀረ መሣሪያ ሲኖር እንዲህ ታስወጡታላችሁ፦

```
/ip hotspot active remove [find user=r204]
```

የራሳችሁን ቲቪ ወይም ፕሪንተር ያለ ገጽ ለማሳለፍ፦

```
/ip hotspot ip-binding add mac-address=3C:5A:B4:10:22:7F type=bypassed
```

ሰው ከበዛ የአድራሻውን ክልል ከ`/24` ወደ `/22` አስፉት፤ ከ254 ወደ 1022 አድራሻ ያድጋል። በየፎቁ የተለያየ የዋይፋይ ስም ካላችሁ አንድ ስም አድርጉት። ለእንግዳ በምትሰጧት ወረቀት ላይም ከዩዘርኔሙ በታች የመውጫውን አድራሻ አብራችሁ አትሙ።